ለተናጋሪ እንግዳ የሚጻፍ የግብዣ ደብዳቤ፦ ገንዘቡን ሳይሸሽጉ አክብሮ መጥራት

አንድ ትምህርት ቤት፣ የልማት ማኅበር ወይም የተማሪዎች ክበብ የተከበረ ሰው ንግግር እንዲያደርግለት ሲፈልግ የሚልከው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልኩ አንድ ዓይነት ነው። የተጋባዡ ዕውቀትና ለአገር ያበረከቱት ሥራ በሰፊው ይወሳል፣ የዝግጅቱ ቀንና ቦታ ይጠቀሳል፣ «በዕለቱ ተገኝተው ንግግር እንዲያደርጉልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ይባልና ማኅተም ያርፍበታል። ደብዳቤው ጨዋ ነው። ነገር ግን ተጋባዡ «እሺ» ወይም «አይመቸኝም» ለማለት ሊያውቋቸው ከሚገቡ ነገሮች አብዛኞቹ የሉበትም፤ እነማን እንደሚሰሟቸው፣ ስለ ምን እንደሚናገሩ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጣቸው፣ የመንገዱን ወጪ ማን እንደሚችልና ለድካማቸው ክፍያ መኖር አለመኖሩን አይነግራቸውም።

ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚታለፈው የመጨረሻው ነው፤ የሚታለፈውም በመርሳት አይደለም። ትልቅ ሰው ጋብዞ ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር ስለሚመስል ጸሐፊው ሆን ብሎ ይተወዋል። ይሉኝታው ግን በዚህ አይጠፋም፤ ከጋባዡ ወደ ተጋባዡ ይዞራል። ጋባዡ ያልጻፈውን ነገር አሁን መጠየቅ ያለባቸው ሽማግሌው ወይም ምሁሯ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብለው ከሚጠይቁ መቅረትን ይመርጣሉ። ስለዚህ ገንዘቡን በደብዳቤው ላይ በግልጽ ማስፈር አክብሮትን የሚቀንስ ሳይሆን እንግዳውን ከማይወዱት ጥያቄ የሚያድን ነው። ያለ ክፍያ የሚጋብዝ ሰውም ይህንኑ በግልጽ ሊጽፍ ይገባዋል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበብ አለው እንበል። ክበቡ በየካቲት ወር ስለ ቅኔ ዝግጅት አስቧል፤ ሊጋብዝ የፈለገውም አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ በጡረታ የተሰናበቱ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነው። እንግዳዋ የአካባቢው ተወላጅ ስለሆኑ የክበቡ አባላት «ደስ ብሏቸው ይመጣሉ» ብለው ያምናሉ። ምናልባትም ይመጣሉ፤ ነገር ግን የትውልድ ቦታ ፍቅር ለአውቶቡስ ትኬትና ለሆቴል አልጋ አይከፍልም።

የመጀመሪያው ሥራ የአድማጩን ማንነት መግለጽ ነው፤ ለዚህም ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። «ተማሪዎችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች» የሚለው የተለመደ አነጋገር ለተናጋሪዋ የሚነግራቸው ነገር የለም። ሊያውቁ የሚፈልጉት አድማጮቹ ስለ ጉዳዩ አስቀድመው ምን ያህል እንደሚያውቁ ነው። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰምና ወርቅ የሚባለውን በአማርኛ ትምህርታቸው አግኝተውት ይሆናል፤ የግእዝ ቅኔ ግን ተቀምጠው ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። በዚያው አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ የከተማዋ የቅኔ መምህራን ከተቀመጡ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ለተማሪ የተዘጋጀ ማብራሪያ በሊቃውንት ፊት ሲቀርብ ተናጋሪዋ ያፍራሉ፣ ለሊቃውንት የሚመጥን ንግግር ሲቀርብ ደግሞ ተማሪው ያንቀላፋል። ጎጃም ውስጥ ስለ ቅኔ ሲነገር ሊቃውንት ሳይጠሩም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ክበቡ እነርሱን ለመጥራት ካሰበ ይህ በደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት፤ እንግዳዋ መድረክ ላይ ከወጡ በኋላ ሊያውቁት አይገባም።

ርእሱም እንዲሁ ጠበብ ብሎ መገለጽ ይፈልጋል። «ስለ ጎጃም ቅኔ እንዲነግሩን» የሚል ግብዣ ስለ ዋሸራና ስለ ጎንጅ ቅኔ ቤቶች ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የመምህርነት ሕይወት ሊሆን ይችላል፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ እንዴት ሰምና ወርቅ እንደሚይዝ የሚያሳይ ትምህርትም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ የተለያየ ዝግጅት የሚጠይቁ ሦስት የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። ጋባዡ የትኛውን እንደሚፈልግ ካልተናገረ እንግዳዋ በራሳቸው ግምት ይዘጋጃሉ፤ ክበቡ ተማሪዎቹ ቅኔ መፍታት እንዲሞክሩ አስቦ ሳለ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሊቀርብለት ይችላል። በአንጻሩ ርእሱን ከሚገባው በላይ ቆርጦ መስጠትም ለምሁር አይመችም። ስለዚህ አንድ የተወሰነ ርእስ አቅርቦ «ማስተካከል ቢፈልጉ የእርስዎን ሐሳብ እንቀበላለን» ማለት ሁለቱንም ያስታርቃል።

ጊዜን በተመለከተ ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ይጻፋሉ፤ አንደኛው ዝግጅቱ የሚወስደው ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ተናጋሪዋ የሚናገሩበት ጊዜ ነው። «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ሰው ለሁለት ሰዓት ሊዘጋጁ ይችላሉ፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ እንደተሰጣቸው የሚያውቁትም የመድረክ መሪው ወረቀት ሲያቀብላቸው ነው። የእኛን የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ከዚያ የኃላፊዎች መልእክት፣ ከዚያ የመዝሙር ክበብ ሲደራረቡ ለዋናዋ ተናጋሪ የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል እንደሚሆን አይጠፋውም። ስለዚህ ደብዳቤው ንግግሩ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ ለንግግሩ ስንት ደቂቃ፣ ለጥያቄ ስንት ደቂቃ እንደተመደበና ሌላ ተናጋሪ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። የተጻፈውን ሰዓት መጠበቅም የጋባዡ ግዴታ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ስሕተት አለ። «የክብር እንግዳ ሆነው እንዲገኙልን» ተብለው የተጠሩ ሰው በፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ሽልማት አስረክበው የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ደብዳቤውን የላከው ክበብ ግን የአርባ ደቂቃ ንግግር እየጠበቀ ነው። በመሆኑም ለንግግር መጋበዛቸው በደብዳቤው «ጉዳዩ» ላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሊታይ ይገባል።

አሁን ወደ ወጪው እንመለስ። ወጪ ሲባል ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መንገድ፣ ማረፊያና ምግብ፣ ለንግግሩ የሚሰጥ ክፍያ። ሦስቱን በአንድ ቃል «አስፈላጊው ወጪ ይሸፈናል» ብሎ ማለፍ ምንም እንዳልጻፉ ያህል ነው፤ ጋባዡ ትኬቱን አስቦ ሲጽፈው ተጋባዥዋ ክፍያውንም ጨምረው ሊረዱት ይችላሉና።

በመንገዱ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጉዞውን ስለሚያዘገየው ቀኑን የሚወስድ መንገድ ነው። ስለዚህ ጠዋት 3፡30 ላይ የሚናገሩ ሰው ከዋዜማው መድረስ አለባቸው፤ ይህም ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ሳይጣደፉ ለመመለስ ደግሞ ሁለት ሌሊት ማረፊያ ይጠይቃል። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰው አብሯቸው የሚጓዝ ልጅ ወይም ረዳት ስለሚያስፈልግ፣ የአንድ ሰው ወጪ ብቻ የሚሸፍን ግብዣ ሌላኛውን ትኬት በእንግዳዋ ኪስ ላይ ይጥላል። የቅኔ መምህር ቢጋበዙም ያው ነው፤ ደቀ መዝሙራቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ገንዘቡ መቼ ይወጣል የሚለው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች «እንግዳው በራሳቸው ወጪ ይምጡ፣ በኋላ እንተካለን» ይላሉ፤ የሂሳብ ክፍላቸው ግን ገንዘቡን የሚተካው ዋናው ደረሰኝ ሲቀርብለት ነው። እንግዳዋ ደረሰኝ መያዝ እንዳለባቸው ቀድሞ ካልተነገራቸው ትኬቱን መናኸሪያው በር ላይ ይጥሉታል፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈላቸው የለም። በግል መኪና የሚመጡ ከሆነም የነዳጅ ደረሰኝ ይበቃ እንደሆነ በመጀመሪያ መታወቅ አለበት። እኔ እስከማየው ለተከበረ እንግዳ የሚሻለው ጋባዡ ራሱ ትኬቱን ቆርጦ ሆቴሉንም ከፍሎ መጠበቁ ነው፤ የደረሰኙ ጣጣ ያኔ በጋባዡ ቤት ይቀራል።

የንግግሩ ክፍያ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል። ግብር የሚቀነስበት ከሆነ የተጻፈው ገንዘብ ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው ወይስ በእጅ የሚደርሰው ነው የሚለው ይገለጻል፤ ይህ ሳይገለጽ ቀርቶ በፖስታው ውስጥ ያለው ከደብዳቤው ሲያንስ እንግዳው ዝም ይላሉ፣ ቅሬታው ግን ይቀራል። መቼና በምን መንገድ እንደሚከፈልም ይነገራል። የባንክ ሂሳብ ቁጥርን ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ መጠየቅ አይገባም፤ ያ ከእሺታ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ጋቢ፣ ካባ ወይም የምስጋና ወረቀት ሊሰጥ ታስቦ ከሆነ በደብዳቤው ውስጥ መቅረብ የለበትም። ስጦታ በክፍያ ቦታ ሲጻፍ ክፍያው እንደቀረ መደበቂያ ይመስላል።

ተጋባዡ በሥራ ላይ ያሉ ከሆኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ቦታቸው ርቀው ሲሄዱ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚሠሩበት ተቋም ሊልካቸው ከፈቀደም አበል የሚከፍላቸው እርሱ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ጉዞ ከሁለት ወገን አበል መቀበል ተጋባዡን በመሥሪያ ቤታቸው ዘንድ ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ለተቋሙም ይላካል፤ አበሉን ጋባዡ እንደሚከፍል ወይም እንደማይከፍልም በዚያው ይጠቀሳል። በምሳሌያችን እንግዳዋ ጡረተኛ ስለሆኑ ደብዳቤው በቀጥታ ለእርሳቸው ይጻፋል።

ክበቡ ይህን ሁሉ አስቦ፣ አስቀድሞም በስልክ አነጋግሮ የሚልከው ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር፦ ________
ቀን፦ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር ________
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤታችን ስለ ቅኔ ንግግር እንዲያደርጉልን ስለመጋበዝ

የትምህርት ቤታችን የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበብ ቅዳሜ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡30 ሰዓት በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የቅኔ ዝግጅት ያካሂዳል። ቀደም ሲል በስልክ እንደገለጽንልዎ፣ በዚህ ዝግጅት ላይ «ጉባኤ ቃና እንዴት ይፈታል?» በሚል ርእስ ንግግር እንዲያደርጉልን በአክብሮት እንጋብዝዎታለን። ርእሱን ማስተካከል ቢፈልጉ የእርስዎን ሐሳብ እንቀበላለን።

አድማጮችዎ 150 ያህል የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና 20 ያህል መምህራን ናቸው። ተማሪዎቹ ስለ ሰምና ወርቅ በአማርኛ ተምረዋል፤ ግእዝ ግን አያውቁም። ከከተማው የቅኔ መምህራን ሁለቱን በአድማጭነት ጋብዘናል።

ንግግርዎ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት ይጀምራል። ለንግግሩ 40 ደቂቃ፣ ለጥያቄና መልስ 20 ደቂቃ ተመድቧል። ሌላ ተናጋሪ የለም፤ ከእርስዎ በኋላ ተማሪዎች የራሳቸውን ግጥም ያነባሉ። ንግግሩን በድምፅ ለመቅዳት የምንፈልገው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሲሆን፣ ካልፈቀዱ አንቀዳም።

የእርስዎንና አብሮዎት የሚመጣ የአንድ ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ከዓርብ የካቲት 13 እስከ እሑድ የካቲት 15 የሁለት ሌሊት ማረፊያና ምግብ ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል። ትኬቱን እኛ ቆርጠን እንልክልዎታለን፤ በራስዎ መኪና የሚመጡ ከሆነ የነዳጁን ወጪ በደረሰኝ እንተካለን። ጊዜው የዓቢይ ጾም ስለሆነ የጾም ምግብ እናዘጋጃለን። ለንግግርዎ ብር 4,000 (አራት ሺህ ብር) የምንከፍል ሲሆን፣ ይህም በሕግ የሚቀነስ ግብር ካለ ከተቀነሰ በኋላ በእጅዎ የሚደርሰው ነው። ክፍያው በዝግጅቱ ዕለት ይፈጸማል።

መንገድ ተዘግቶ ወይም ሌላ ችግር አጋጥሞ ዝግጅቱ ቢተላለፍ፣ እስከዚያ ድረስ ያወጡትን የጉዞ ወጪ እንመልሳለን። መልስዎን እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ በታች በተጻፈው ስልክ ቁጥር ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር
ፊርማና ማኅተም
ርእሰ መምህር

ስልክ፦ ________

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ክፍል
ለቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክበብ

በዚህ ደብዳቤ ላይ የሙገሳ አንቀጽ አለመኖሩ ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ሊኖር ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመር አይከፋም፤ ነገር ግን ሙገሳው ተጋባዥዋ ለምን እንደተመረጡ የሚናገር ቢሆን ይሻላል። «በቅኔ አፈታት ላይ ያስተማሩትን የእኛ መምህራን በተማሪነታቸው ስለሰሙ» የሚለው «ስመ ጥርና ዕውቅ ምሁር» ከሚለው ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ለእርሳቸው ብቻ የሚሆን ነው፣ ሁለተኛው ለማንም ይሆናል።

የሂሳብ ክፍሉ ግልባጭ ለወግ የተጨመረ አይደለም። ርእሰ መምህሩ የፈረሙት ደብዳቤ ለሂሳብ ክፍሉ የክፍያ መነሻ ነው። በስልክ ብቻ የተነገረ ክፍያ ግን በዝግጅቱ ዕለት ቀዳሚ ደብዳቤ ስለሌለው «በጀቱ አልተፈቀደም» ተብሎ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ገንዘቡ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የሌለ ገንዘብ ጽፎ ኋላ ከመለመን ዝቅ ያለ መጠን መጻፍ ይሻላል።

ክበቡ ለንግግሩ የሚከፍለው ከሌለውም ደብዳቤው ብዙ አይለወጥም። የክፍያው ዓረፍተ ነገር «ለንግግሩ ክፍያ ለመስጠት በጀት የለንም፤ የጉዞና የማረፊያ ወጪዎን ግን ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን» ተብሎ ይተካል። የጉዞውንም መሸፈን ካልቻለ ያንኑ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳን ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት መጥራቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ቆም ብሎ ማሰብ የራሱ የክበቡ ጉዳይ ነው። በከተማው ውስጥ የሚኖሩ መምህር ተመሳሳዩን ርእስ ሊያቀርቡ ይችሉ ይሆናል። ተጋባዧ ደግሞ ያለ ክፍያ መሆኑን አውቀው «እመጣለሁ» ካሉ የመጡት ፈቅደው ነው፤ ሳያውቁ መጥተው ሲያዩት ግን እንደ ተታለሉ ይቆጥሩታል።

በውጭ አገር ለሚኖር ተናጋሪ የሚጻፍ ከሆነ ቀኑና ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፤ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2026 ነው፣ ጠዋት 3፡30 ደግሞ በእነርሱ የሰዓት አቆጣጠር የኢትዮጵያ ጠዋት 9፡30 ነው። ስድስት ሰዓት የተሳሳተ እንግዳ የሚደርሰው አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ደብዳቤው በቂ አለመሆኑ የሚታወቀው በሚመጣው መልስ ነው። «እግዚአብሔር ካለ እንመጣለን» ወይም «እስቲ እናያለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እምቢታም እሺታም አይደለም፤ ተጋባዡ የሚፈልጉትን አላገኙም፣ ለመጠየቅም አልወደዱም ማለት ነው። በተማሪ ወይም በዘመድ በኩል «መኪና ይላካል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ ደግሞ የጎደለው የወጪው አንቀጽ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ጊዜ ጋባዡ «ምን ይሻልዎታል?» ብሎ መልሶ ከመጠየቅ ይልቅ የቀረውን ጽፎ መላክ አለበት።

«እሺ» ከተባለ በኋላ የሚቀረው አጭር ነው። ትኬቱ ከጉዞው ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ይደርሳቸዋል፣ የሆቴሉ ስምና መናኸሪያ ሄዶ የሚቀበላቸው ሰው ስልክ አብሮ ይላካል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥራቸውም አሁን ይጠየቃል። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ማለዳ ስለሆነ ዓርብ ዕለት ከመነሣታቸው በፊት ሐሙስ ማታ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን መንገርም ከጋባዡ የሚጠበቅ ነው።